ማስተካከያ፦ ከመሃል የወጣ የኮለን ጭነት ለፓይሎች እኩል አይካፈልም

«በስድስቱ ፓይሎች ምሳሌ 3000 ኪሎ ኒውተን ለ6 ተካፍሎ ለአንዱ 500 ደረሰው። የአንዱ የሚፈቀድ አቅም 600 ስለሆነ ይበቃል ተባለ። ኮለኑ ግን ከመሃል 0.3 ሜትር ወጥቷል። ልክ ነው?»

ልክ አይደለም፤ ያ ውጤት ይሰረዝ። 500 አማካይ ብቻ ነው። ኮለኑ ከመሃል ሲወጣ 3000 × 0.3 = 900 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት ይፈጠራል። ቀመሩ ይህ ነው፦

P = Q/n ± M·x/Σx²

P የአንዱ ፓይል ጭነት፣ Q ጠቅላላው ጭነት፣ n የፓይሎቹ ብዛት፣ M ሞመንቱ፣ x ደግሞ ፓይሉ ከፓይሎቹ መሃል ያለው ርቀት ነው።

ፓይሎቹ በሦስት ረድፍ ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል። ረድፎቹ በ1.5 ሜትር ይራራቃሉ። የመሃሉ ረድፍ x ዜሮ ነው፤ ስለዚህ Σx² = 4 × 1.5² = 9። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ አራቱንም የዳር ፓይሎች መቁጠር ሲገባ ሁለቱን ብቻ ይቆጥራል።

ጭማሪው 900 × 1.5 ÷ 9 = 150 ነው። ኮለኑ በወጣበት በኩል ባለው የዳር ረድፍ ያሉት ሁለቱ 650 ይሸከማሉ፣ የመሃሎቹ 500፣ የወዲያኞቹ 350። 650 ከ600 ስለሚበልጥ ዲዛይኑ አያልፍም፤ ፓይሎቹን ከላይ የሚያያይዘው የፓይል ካፕ ክብደት ደግሞ ገና አልተደመረም።

ርቀቱን ወደ 1.8 ሜትር ማስፋት ብቻውን አያድነውም፤ 625 ይመጣል። ቦታው ከፈቀደ የፓይሎቹን መሃል በ0.3 ሜትር ወደ ኮለኑ ማዛወር ይሻላል። ቀመሩ የሚሠራው ካፑ ግትር፣ ፓይሎቹም ቀጥ ያሉና አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው።