ጎንደር ላይ የ575 ዶላር ፈተና ስንት ያስወጣል?

«ባንኩ ፈተናውን ላለፈ ሠራተኛ የፈተና ክፍያውን ይመልሳል፤ ከዚህ በኋላ ሠራተኛው ከኪሱ የሚያወጣው ነገር የለም።»

ይህን የተናገሩት ባለፈው ወር ከባንካችን ዋና መሥሪያ ቤት የመጡ የሥልጠና ኃላፊ ናቸው። ጉዳዩ ሲሳ ስለሚባለው የኢንፎርሜሽን ሲስተም ኦዲተርነት ሰርተፊኬት ነበር። እኔ በዚሁ ዘርፍ ጎንደር የምሠራ ኦዲተር ነኝ፤ ሰርተፊኬቱንም ይዤዋለሁ። ስለዚህ «የለም» የተባለውን ወጪ በስም አውቀዋለሁ።

ኃላፊው ፈተናውን በሚሰጠው ማኅበር፣ በኢሳካ፣ አባል መሆን ግዴታ አለመሆኑን እንደ ትልቅ መከራከሪያ አቀረቡ። አዎ፣ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ፈተናው ለማኅበሩ አባል 575 ዶላር ሲሆን አባል ላልሆነ 760 ዶላር ነው፤ የአንድ ዓመት የአባልነት መዋጮ ደግሞ 145 ዶላር ነው። አባል ሳይሆን የሚፈተን ሰው 185 ዶላር ጨምሮ ይከፍላል፤ አባል የሆነው ግን በ145ቱ ይገላገላል። እንዲህ ያለውን ነገር «በፈቃደኝነት» ብሎ መጥራት የቃል ጨዋታ ነው። የመለማመጃ ጥያቄዎቹ የአንድ ዓመት አገልግሎት ለአባል 300 ዶላር ገደማ ነው። ካለፉ በኋላም ማመልከቻው 50 ዶላር ይጠይቃል። ሰርተፊኬቱ እንዳይሰረዝ በየዓመቱ 45 ዶላር ይከፈላል፤ አባልነቱን ያቋረጠ ሰው ደግሞ 85። በሦስት ዓመት ውስጥም 120 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ለአባላት ነፃ ትምህርት እንዳለ አልክድም፤ የሚከታተለው ግን የኢንተርኔት መስመር ያለው ነው። እስከ ሦስተኛው ዓመት አባልነቱን ይዞ የሚቆይ ሰው በድምሩ ወደ 1,500 ዶላር ያወጣል። ባንኩ የሚመልሰው 575 ነው።

ብሩንም እናስታውስ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የፈተናው ክፍያ ብቻ 33 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። በ150 ብር ሒሳብ ዛሬ ከ86 ሺህ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ግን ለአዲስ አበባም ለጎንደርም እኩል ነው። እኩል ያልሆነው መንገዱ ነው፤ በእርሱ ላይ ኃላፊው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከጎንደር ፈተናው እስከሚሰጥበት አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይያዝለታል። የፈተና ቀጠሮን ያለ ኪሳራ መቀየር የሚቻለው ከፈተናው 48 ሰዓት በፊት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው ክፍያው ይቃጠልበታል። የእኔ ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ተሳፈርን፣ ተቆጠርን፣ ጠበቅን። መንገዱ መዘጋቱ የተነገረን 4 ሰዓት ላይ ነው። የ48 ሰዓቱ ገደብ ያለፈው 3 ሰዓት ላይ ነበር። በአንድ ሰዓት ልዩነት 575 ዶላር ሄደ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ግን ለዚሁ ፈተና ጠዋት ታክሲ ይይዛል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች 48 ሰዓትን እንደ ችሮታ ሳይቆጥሩት አይቀሩም፤ ለእኛ ግን የመንገዱ ርዝመት ብቻውን 48 ሰዓት ስለሆነ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ሳናውቅ ቁርጥ ውሳኔ እንድናደርግ የሚያስገድደን ቁማር ነው። አልጋውን፣ ምግቡንና ከሥራ የቀሩትን ቀናት ገና አልቆጠርኩም።

«ቤታችሁ ሆናችሁ ተፈተኑ» የሚለውን ምክርም ሰምቻለሁ። ፈተናው 4 ሰዓት ሙሉ የማይቋረጥ ኢንተርኔት፣ ካሜራና ማንም የማይገባበት ክፍል ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ለወራት የቆየበት ክልል ውስጥ፣ መብራት በማን ፈቃድ እንደሚመጣና እንደሚሄድ በማይታወቅበት ከተማ ተቀምጦ 575 ዶላር ለዋይፋይ አደራ ማለት ምክር ሳይሆን ስላቅ ነው።

እንደገና ከፍዬ ተፈተንኩና አለፍኩ። ሁለቱንም ደረሰኞች አያይዤ ለፋይናንስ አቀረብኩ። አንዱ ተከፈለኝ። ሌላው «ፈተና ያልተወሰደበት» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተመለሰልኝ፤ የመናኸሪያው ትኬት እስከ ዛሬ በስቴፕል ተያይዞበታል።