ኤረር የማይሰጥ አፕግሬድ ያቃጥላል

ትንሽ ላራግፍ ነው፣ ረጅም ነው ያልፈለገ ይለፈው። አንድ ጅምላ አከፋፋይ የሚጠቀምበት የሽያጭና የስቶክ ሲስተም አለ፣ ከኔ በፊት የነበረ ልጅ በፒኤችፒ የሰራው፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 5.7። የ5.7 ድጋፍ ኦክቶበር 2023 ላይ ስላበቃ ወደ 8.0 ይውጣ ተባለ፣ አወጣሁት።

በግልጽ የተበላሹት ላይ ብዙም ቂም የለኝም። ሰርቨሩ አልነሳም አለ፣ ሎጉን ስከፍት `unknown variable 'query_cache_size=64M'` ይላል፣ ለካ ኩዌሪ ካሽ የሚባለው ነገር 8.0 ላይ ጭራሽ ስለወጣ ኮንፊጉ ላይ የቀረችው አንዷ መስመር ሰርቨሩን አላስነሳ ትላለች። አጠፋኋት፣ ተነሳ። ከዛ ደንበኞችን በደረጃ የሚያሳየው ገጽ ሲንታክስ ኤረር አለ፣ ምክንያቱም `rank` የሚል ኮለም ነበረው፣ 8.0 ደግሞ ቃሉን ለራሱ ወስዶታል። እሱም በባክቲክ ታሰረና ሄደ። ያናድዳል ግን ቢያንስ ይጮሃል፣ ቦታውን ያሳይሃል።

ያቃጠለኝ ዝም ብሎ የተበላሸው ነው። ሁሉም ነገር ይሰራል ብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ ሂሳብ ሹሟ ደወለች፦ «ልጄ፣ ኅዳር ከመስከረም በፊት የሚመጣው ከመቼ ጀምሮ ነው?» «እትዬ ምናልባት ፕሪንቱ ላይ ይሆናል» አልኩ። «ፕሪንቱማ ቆንጆ ነው፣ ሂሳቡ ነው ያበደው!»

ኮዱን ስከፍት ሪፖርቱ ይሄ ነው፦

```sql
SELECT month_no, SUM(total) AS t
FROM sales
WHERE fiscal_year = 2016
GROUP BY month_no;
```

መደርደሪያ የለውም፣ `ORDER BY` የምትባል ነገር የለችም። 5.7 ላይ ግን `GROUP BY` ካልክ በዛው ኮለም ደርድሮ ነበር የሚሰጥህ፣ ሳትጠይቀው። እስከዛሬ ወሮቹ ተሰልፈው ስለመጡ ማንም አልጠረጠረም። 8.0 ላይ ያ ነጻ አገልግሎት ቀረ፣ አሁን መደርደር ከፈለግክ ራስህ ጻፍ ነው። ካልጻፍክ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ባገኘው ቅደም ተከተል ያወጣዋል፣ እሱም ዋስትና የለውም። እዛ ቤት ደግሞ ሲስተሙ የገባው ኅዳር ላይ ስለነበር መጀመሪያ የተመዘገበው የኅዳር ሽያጭ ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ከወረቀት ላይ ኋላ የተሞሉ ናቸው። እና ኅዳር ፊት ላይ ወጣ።

ቅደም ተከተሉ ብቻ ቢበላሽ እሺ። ችግሩ የፒኤችፒው ኮድ ከእያንዳንዱ ረድፍ ከላዩ ያለውን ቀንሶ «ካለፈው ወር የታየ ለውጥ» ብሎ ያትማል። ነገሩ እንዲገባችሁ በክብ ቁጥር ላሳያችሁ፣ መስከረም 400 ሺህ፣ ጥቅምት 450 ሺህ፣ ኅዳር 430 ሺህ በሉ። ትክክለኛው ጥቅምት በ50 ሺህ ጨመረ፣ ኅዳር በ20 ሺህ ቀነሰ ነው። ኅዳር ፊት ሲወጣ ግን ከመስከረም ላይ ኅዳር ተቀንሶ መስከረም በ30 ሺህ ቀነሰ ይላል፣ የኅዳር መቀነስ ደግሞ የትም አይታይም። ጠቅላላ ድምሩ ልክ ነው! ለዛ ነው ድምር ብቻ የሚያይ ሰው የማይነቃው።

የባሰው ደግሞ የቅርንጫፉ ሪፖርት ልክ መሆኑ ነው፣ ኩዌሪው ያው ሆኖ። ምክንያቱ እዛኛው ቴብል ላይ ያለው ኢንዴክስ ነው፣ ዳታቤዙ ኢንዴክሱን ተከትሎ ሲያነብ ረድፎቹ እግረ መንገዳቸውን ተደርድረው ይመጣሉ። ስለዚህ አንዱ ገጽ ላይ ሞክረህ «ደህና ነው» ብትል ምንም አላወቅክም ማለት ነው።

«ከአፕግሬድ በፊት ቼከሩን አታስኬድም ነበር?» የሚል ይመጣል፣ አውቃለሁ። `util.checkForServerUpgrade()` አስኪጄዋለሁ ወንድሜ፣ እሱ የሚያየው ሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ነው፣ ቴብል፣ ፕሮሲጀር፣ ኮንፊግ። ፒኤችፒ ፋይል ውስጥ ስትሪንግ ሆኖ የተቀመጠ ኩዌሪ ከየት ያየዋል? የ5.7 ማኑዋል በዚህ መደርደር አትተማመኑ ይላል፣ ልክ ነው፣ ግን ኩዌሪው ሲሮጥ አንድ ዋርኒንግ እንኳን አይወጣም ነበር፣ ማኑዋል ደግሞ ሁሉም ነገር እየሰራ ሳለ ማን ይከፍታል።

መመለስም የለም። 8.0 አንዴ የዳታ ፎልደሩን ከቀየረው 5.7 መልሶ አያነሳውም፣ ያለህ ከአፕግሬዱ በፊት የወሰድከው ባካፕ ነው፣ እሱን ስትመልስ ከዛ ወዲህ የተቆረጠው ደረሰኝ ሁሉ የለም። ስለዚህ ወደፊት ብቻ፦ ኮዱ ውስጥ `GROUP BY` ያለበትን ሁሉ ፈልጌ ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው ላይ `ORDER BY` እየጨመርኩ ነው፣ ግማሹ ኩዌሪ በሶስት ፋይል ተቆራርጦ የተገጣጠመ ስለሆነ በፍለጋ እንኳን አይገኝም። ባለቤቱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት «አሮጌው ምን ሆኖ ነበር?» አለኝ።