ሐውልቱ ጋ ነኝ

የአዲስ አበባ ሰው ቀልድ ለማየት ቲኬት መቁረጡ ይገርመኛል። ከለገሃር ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ መሳፈር ይበቃል። ተመልካቹ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል። ተዋናዩም ስልኩ እስኪጠራ ነው የሚጠብቀው።

ስለማን እንደማወራ ሳይገባችሁ አይቀርም። ገና ጫማውን እያሰረ "ደርሻለሁ" ስለሚለው ወገናችን ነው። ይህን ሰው ውሸታም የሚሉት አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ስም ማጥፋት አልወድም። ውሸታም ዐይኑ ይቅበዘበዛል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ላብ ላብ ይለዋል። የኛ ሰው ግን ፊቱ ንቅንቅ አይልም። የሬዲዮ ዜና አንባቢ የአየር ሁኔታ ሲናገር እንኳን ከእሱ የበለጠ ይረበሻል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ።

ታክሲያችን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋና ቆመ። በመስኮት በኩል የትግላችን ሐውልት ከነቀይ ኮከቡ ወደ ሰማይ ተገትሯል። ከፊቴ ኮት የለበሰ፣ ጉልበቱ ላይ ሰማያዊ ክላሰር ያስቀመጠ ጎልማሳ ሰው አለ። ስልኩ ጠራ። ስልኩ አርጅቷል መሰለኝ፣ የደዋዩ ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

"የት ደረስክ?"

"እዚሁ ነኝ።"

"እዚሁ የት? እኔ ምኒልክ ሐውልት ጋ ቆሜያለሁ፤ አላየሁህም።"

"እኔም ሐውልቱ ጋ ነኝ" አለ ሰውዬው። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ይኸው ፊት ለፊቴ ነው። እያየሁት ነው።"

ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እውነት ነው፤ ሐውልት አለ። ሰውዬው ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነው። የቀረው የሐውልቱ ስም ብቻ ነው፤ ስሙን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

ደዋዩ ግን ይህን ጓደኛውን ያውቀዋል መሰለኝ፣ አልለቀቀውም። "ከፈረሱ በየት በኩል ነህ?" አለው።

እዚህ ላይ ነው ችሎታ የሚለየው። እኔ ብሆን "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብዬ እዘጋው ነበር። ሰውዬው ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ክላሰሩን ትንሽ አስተካከለ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ "ከኋላው" አለ።

ከኋላው! ጥቁር አንበሳ ሆኖ ከምኒልክ ፈረስ ኋላ መሆኑን ማን ይክዳል? በጣም ከኋላው ነው እንጂ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው አላያቸውም። ማንንም አላየም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ፈረንጆች ይህን ጥበብ ዴድፓን ይሉታል። "ፓን" ሲባል መጥበሻ እንዳይመስላችሁ፤ በአሜሪካኖች የድሮ የአራዳ ቋንቋ ፊት ማለት ነው። የሞተ ፊት እንደማለት። የዚህ ጥበብ ትልቁ ሰው በስተር ኪተን ይባላል፤ ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ዓለምን ያሳቀ ሰው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእናት አባቱ ጋር መድረክ ላይ ይሠራ ነበር። አባቱ እያነሳ ሲወረውረው ልጁ ከሳቀ፣ ተመልካቹ ብዙም አይስቅም። ልጁ ኮስተር ሲል ግን አዳራሹ ይናጋል። ይህን ገና በልጅነቱ ደረሰበት፣ ዕድሜ ልኩንም ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣ ፊልሙ የአንድ ቤት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። የሚተርፈው ክፍት መስኮቱ በሚያርፍበት ቦታ በመቆሙ ነው። ፊቱ ላይ ግን ጩኸት የለም፣ ለቅሶም የለም። ግድግዳ የወደቀበት ሳይሆን ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ቀልደኛ ራሱ ሲስቅ፣ "ይህ ቀልድ ነው፣ ሳቁ" እያለን ነው። የምንሠራው ሥራ አይተርፈንም። እሱ ሲኮሳተር ግን ሁለት ነገር እጃችን ላይ ይቀራል። በአንድ በኩል ዐይናችን የሚያየው አለ፤ የቆመው ታክሲና ቀይ ኮከቡ። በሌላ በኩል ምንም እንዳልተፈጠረ የሚናገረው ፊት አለ። ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተን ሳቁ ያመልጠናል። ሳቅ የለም በተባለበት ቦታ ደግሞ ሳቅ እንዴት እንደሚያስቸግር፣ ቅዳሴ ላይ ሳቅ መጥቶበት የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል።

ፒያሳ የቆመው ጓደኛው ለምን አልሳቀም? መስኮት ስለሌለው። ሐውልቱን አያይማ። ለእሱ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ መገተር ነው። ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ታክሲ ውስጥ ትያትር ሆኖ፣ ስልኩ ወዲያ ጫፍ ሲደርስ ግፍ ይሆናል። የኛ አርቲስት ይህን ያህል ለጋስ ነው። ጓደኛውን ሠውቶ አንድ ታክሲ ሙሉ መንገደኛ ያስቃል፣ ያውም በነፃ።

አማርኛችን ራሱ ለዚህ ጥበብ የተሰፋ ነው። አለቃ ገብረ ሐና አህያ የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ አግኝተው "እንደምን አደራችሁ" አሏት ይባላል። አህያዋንም ቆጥረው መሆኑ ነው። እስቲ ይህን ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። "እንደምን አደር" ድረስ ማንም ሰው የሚለው ሰላምታ ነው። ተንኮሉ በሙሉ "ችሁ" ላይ ነው ያለው። "ችሁ"ን ረገጥ ካደረጋችሁ ወይም ወደ አህያዋ ከጠቀሳችሁ ስድብ ይሆናል፤ ሴትዮዋም ዱላ ይዛለች። እንደማንኛውም ሰላምታ ለስለስ ብሎ ካለፈ ግን፣ እሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ነው የሚገባት። ሰሙ ሰላምታ ነው፣ ወርቁ አህያዋ ናት። የኛም ሰው "ሐውልቱ ጋ ነኝ" ሲል ያደረገው ይህንኑ ነው።

ጥበቡን ሁሉም ሰው ይችለዋል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። እኔ ሞክሬ ተዋርጃለሁ።

አንድ ቀን ለገሃር ሰልፍ ላይ ቆሜ ጓደኛዬ ደወለ። "ቴዎድሮስ አደባባይ ደርሻለሁ!" አልኩ። በጣም ጮህኩ። ድምፅ ሲጨምር እምነት እንደሚቀንስ ያኔ አላውቅም ነበር። ከዚያ "ማርያምን!" ብዬ ማልኩ። ይህ ሁለተኛው ስህተት ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ያለ ሰው ለምን ይምላል? መሐላ የሚመጣው ጥርጣሬ ሲኖር ነው፤ ጓደኛዬ ሳይጠረጥረኝ እኔው ቀድሜ ጥርጣሬውን አመጣሁለት። ቀጥዬ ማብራሪያ ጨመርኩ። መኪና ተጋጭቷል፣ ትራፊክ ፖሊስ አለ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። በመጨረሻም ከጎኔ ያለው ሰው ይሳቅልኝ እንደሆነ በዐይኔ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ሰውዬው አልሳቀም። ሐዘን በተሞላ ድምፅ፣ "ወንድሜ፣ ገና ለገሃር ነን እኮ" አለኝ። የጠፋሁ መስሎት።

እመለስበታለሁ ያልኩት ይህን ነበር። ባለ ክላሰሩ ሰው ማንንም አላየም። ተመልካችን ማየት ሳቅ መለመን ነው። ለማኝ ደግሞ ሳንቲም እንጂ ሳቅ አያገኝም።

ወደ ታክሲያችን እንመለስ፤ ዋናውን ገና አልነገርኳችሁም። ሰውዬው "ከኋላው" ብሎ ጓደኛው ሊያምነው ትንሽ ሲቀረው፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ጥቁር አንበሳ ወራጅ አለ?" አለ።

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ "ምንድን ነው ጥቁር አንበሳ የሚለው?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን። ሰውዬው ዐይኑን እንኳ አላርገበገበም።

"ሆስፒታሉን የሚጠይቅ ሰው ነው" አለ። "መንገድ ጠፍቶበት።"

ወያላው ሰማው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ቀጭን ልጅ። አልሳቀም፣ አልተገረመም። ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ ሂሳብ በሚሰበስብበት በዚያው ድምፅ፣

"አዎ፣ አሞኛል" አለ። "ሂሳብ።"

ያኔ ታክሲው ፈነዳ። ነጠላ የለበሱት እናት "ውይ፣ ልጆቼ ገደላችሁኝ!" እያሉ ዕንባቸውን ጠረጉ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። ሁለቱ ብቻ አልሳቁም። ሰውዬው ከኪሱ ብር አውጥቶ ሰጠ። ወያላው ቆጥሮ መልስ ሰጠው። ሁለት ታላላቅ ሰዎች እንዲህ ነው የሚከባበሩት።

የሚያሳዝነኝ፣ ዘመኑ ለዚህ ጥበብ አልተመቸም። ቪዲዮ ደውለው መስኮቱን የሚያዩ ሰዎች እየበዙ ነው። "ሎኬሽን ላክልኝ" የሚል ጭካኔም መጥቷል። ካርታ ላይ ያለች ሰማያዊ ነጥብ ምን ታውቃለች? ፊት የላትም፣ ኮስተር ማለት አትችልም፤ ጥቁር አንበሳ ከሆንክ ጥቁር አንበሳ ትላለች። ለመሆኑ ከነጥብ ጋር ማን ይስቃል?

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። አዘጋጁ ነው። ጽሑፉን ትናንት ነበር ማስረከብ ያለብኝ።

ከማክሰኞ ያገኘሁትን ትምህርት አስታወስኩ። አልጮህኩም፣ አልማልኩም። አንድ ትንፋሽ ጠበቅሁ።

"ልኬዋለሁ" አልኩት። "አልደረሰህም?"

እሱም አንድ ትንፋሽ ጠበቀ።

"ደርሶኛል" አለ። "እያነበብኩት ነው። መጨረሻው በጣም ቆንጆ ነው።"