ዘጠኙ ነጥብ የት ገባ?

ደብረ ብርሃን ያናደደኝ ብርዱ አይደለም። የወንድሜ ልጅ የታሪክ ፈተና ወረቀት ነው። ጥያቄው «የአድዋን ጦርነት መንስኤዎች አብራራ» ይላል። ልጁ ሁለት ገጽ ሞልቷል። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ 11/20 ተከቧል፤ ሌላ ምንም የለም። ዘጠኙ የት ገባ? ቢጠይቅ መምህሩ «የተሟላ አይደለም» አሉት። በቃ!

አሜሪካ ልጄ የማረሚያ ሰንጠረዡን ከመጻፏ በፊት ታየዋለች። ኤፒ በሚባለው የታሪክ ፈተና ረጅሙ ድርሰት ከ6 ነው የሚታረመው፦ መከራከሪያ 1፣ የዘመኑ ዳራ 1፣ ማስረጃ 2፣ ትንተና 2። ጣጣ የለውም አልልም። ልጄ ዳራ የምትጽፈው ያቺን አንድ ነጥብ ለመልቀም ነው። ግን የጎደላትን ታውቃለች።

ንዴቴ አልበርድ ሲል ታሪክ ከሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ ጋር እንዲህ ያለ የማረሚያ ሰንጠረዥ፣ ሩብሪክ የሚሉትን፣ ሠራን። መከራከሪያ 5፣ ማስረጃ 6፣ ምክንያትን ከውጤት ማያያዝ 6፣ ቋንቋና አደረጃጀት 3። ቋንቋን ለብቻው ያወጣነው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። አለዚያ የእንግሊዝኛው ስህተት የታሪኩንም ነጥብ ይበላዋል።

«በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» የሚል ደረጃ አላስገባንም፤ ያው «የተሟላ አይደለም» ማለት ነው። በማያያዝ ረድፍ 2 ለዘረዘረ፣ 4 አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣ ላሳየ፣ 6 ደግሞ የትኛው እንደሚያይል አመዛዝኖ ለተከራከረ አልን። የአክስቴ ልጅ ሳቀ። «ጥያቄው አብራራ ነው እኮ የሚለው፤ ማን አመዛዝን አለው?» እውነቱን ነው። ለሚቀጥለው ጥያቄውን ቀየርነው፦ «ከአድዋ ጦርነት መንስኤዎች ዋነኛው የቱ ነው? በማስረጃ ተከራከር።»

ከዚያ እሱና አንድ ባልደረባው የልጁን ወረቀት ለየብቻ አረሙት። ጣሊያን ምጽዋን መያዟ 1877፣ ዶጋሊ 1879፣ የውጫሌ ውል 1881፤ ሁሉንም ጽፏል። ማስረጃ ላይ ሁለቱም 6 ሰጡ። ማያያዝ ላይ ግን አንዱ 4፣ አንዱ 2። ለምን? ልጁ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ጦርነት ተነሣ» ብሏል። ባልደረባው ያቺን «ስለዚህ» እንደ ማያያዣ ቆጠራት። ስለዚህ 4 ላይ ማብራሪያ ጨመርን፦ ቃሉ ብቻውን አይበቃም፣ መንገዱ ይጻፍ። ለምሳሌ ጣሊያን በአንቀጽ 17 ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች፤ ምኒልክ እምቢ ብለው በ1885 ውሉን ሲያፈርሱ ለጣሊያን የቀረው ጉልበት ነበር። እንደገና ሲያርሙ ሁለቱም 2 ሰጡ።

መከራከሪያ 2፣ ቋንቋ 2 ሲደመር 12 ሆነ። የጨመረው አንድ ነጥብ ነው። የጎደሉት ስምንቱ ግን አድራሻ አላቸው፦ ሦስቱ ከመከራከሪያ፣ አራቱ ከማያያዝ፣ አንዷ ከቋንቋ። ልጁ ሸምድዷል እንጂ አልተከራከረም።

የአክስቴ ልጅ በሴሚስተር አንዴ እጠቀምበታለሁ አለ። ከዚያ በላይ በዚያ ሁሉ ተማሪ አይቻልም፣ ብሔራዊ ፈተናውም ምርጫ ነው። እሺ። ከፈተናው በፊት ለተማሪዎቹ ለጥፍላቸው ስለው ግን ጭራሽ እንቢ!

«አስቀድሜ ካሳየኋቸው ታዲያ ምኑን ፈተንኳቸው?»

እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።