ስላይድ ሁሉ እኩል አይደለም

«ስላይዱ ላይ የሰፈረ ሁሉ ለፈተና ይመጣል፤ ይህ ይመጣል፣ ያ አይመጣም እያለ የሚመርጥ ተማሪ ሰነፍ ነው።» ይህን የተናገሩት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ንግግራቸውም ሰሞኑን በተማሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል።

ስልሳ ስላይድ አስተምሮ ሃያ አምስት ጥያቄ የሚያወጣ መምህር የመረጠው እርሱ ራሱ ነው። መምህሩ የመረጠውን ተማሪው እንዳይመርጥ መከልከል ፍትሕ አይደለም። ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ ምርጫውን «ስንፍና» ብሎ መፈረጅ ነው፤ ዋናውን ሐሳብ ከማስረጃው ለይቶ ማወቅ ትምህርቱን ያልተረዳ ሰው ከቶ የማይችለው ሥራ ነውና።

በኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ኢላስቲሲቲ፣ ማለትም ፍላጎት ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ፣ የሚማሩበትን ምዕራፍ እንውሰድ። በብዙ መምህራን ስላይድ ላይ አስቀድሞ የኢኮኖሚስቱ የአልፍሬድ ማርሻል ፎቶግራፍና 1890 እ.ኤ.አ. የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ማርሻል ተመልሶ አይመጣም። ቀጥሎ ጨው ይነሳል፤ ዋጋው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን እንደማይተው ይነገራል። ከጨው በኋላ ኢንሱሊን፣ ከኢንሱሊን በኋላ የአውሮፕላን ቲኬት ይከተላል። ዕቃው በየስላይዱ ሲለዋወጥ ሁለት ጥያቄዎች ግን ሳይለወጡ ይዘልቃሉ፤ ዕቃው ተተኪ አለው ወይ? ከገዢው ገቢስ ምን ያህሉን ይወስዳል? ለፈተና የሚመጣው ይህ ነው። ጨውን የሸመደደ ተማሪ ስለ ክብሪት ሲጠየቅ ግራ ይጋባል፤ ሁለቱን መመዘኛዎች የያዘው ግን ክብሪት በስላይዱ ላይ ባይኖርም ይመልሳል።

እኔ ለፈተና የሚመጣውን ከሚጠቁሙ ምልክቶች ሁሉ የማምነው ይህንን ነው፦ ምሳሌው እየተለወጠ ሳይለወጥ የሚደጋገመው ነጥብ። ስሌቱ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የአንድ ዕቃ ዋጋ ከ40 ብር ወደ 60 ብር ሲወጣ የሚሸጠው ብዛት ከ120 ወደ 80 ወረደ እንበል። ለውጡን ለመነሻው አካፍለን ብናሰላ ብዛቱ በ33.3 በመቶ ቀንሶ ዋጋው በ50 በመቶ ስለጨመረ፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል መልሱ ምልክቱን ትተን 0.67 ይሆናል። ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ፣ ከ60 ወደ 40 ብንሄድ ግን 1.5 እናገኛለን። አንድ ገበያ ሁለት መልስ ሊኖረው ስለማይገባ መምህሩ በሁለቱ ቁጥሮች አማካይ የማካፈሉን ስሌት ያመጣል፤ 40 ለ100 እና 20 ለ50፣ ሁለቱም 40 በመቶ፣ መልሱም 1 ነው። መልሱ 1 ሲሆን ዋጋው ቢለወጥም የሻጩ ገቢ አይለወጥም፤ እዚህም በሁለቱም ዋጋ 4,800 ብር መሆኑ ይህንኑ ያረጋግጣል። መምህሩ ይህን ስሌት በሌሎች ቁጥሮች ደግሞ ከሠራና በማጠቃለያው ስላይድ ላይ በሌላ ዕቃ ለሦስተኛ ጊዜ ካመጣው፣ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ያለው የትምህርቱ ዓላማም «ያሰላል» የሚል ከሆነ፣ ተማሪው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? 40 እና 60 ተመልሰው አይመጡም፤ ስሌቱ ግን ይመጣል።

ድግግሞሽ ሁሉ ግን ትኩረት አይደለም። በየንዑስ ርዕሱ መግቢያ ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ የሚመለሰው የይዘት ዝርዝር የስላይዱ አቀማመጥ ውጤት እንጂ የመምህሩ ማሳሰቢያ አይደለም። ቀለምም ያታልላል፤ ከየገጹ ግማሹ በቀይ በተጻፈበት ስላይድ ቀይ ምንም አይናገርም። በሌላ በኩል ደንቡን የሚያፈርስ ምሳሌ እንደ ተራ ማስረጃ ሊታለፍ አይገባም። ዋጋው ሲጨምር ፍላጎቱ የሚጨምርለት የጊፈን ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሳም የፍላጎት ሕግ የት ላይ እንደሚቆም የሚያሳይ ስለሆነ ለጥያቄ የተመቸ ነው።

ይህ አነባበብ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ያስተማረው መምህር ራሱ ጥያቄውን ሲያወጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ጥያቄ አውጪው በክፍል ውስጥ ስላልነበረ የአንድ መምህር አጽንዖት ብቻውን አይበቃም፤ ምሳሌን ከመርሕ የመለየቱ ችሎታ ግን እዚያም ያው ነው፤ እንዲያውም ምሳሌው ፈጽሞ እንግዳ ስለሚሆን ይበልጥ ይፈለጋል።

መምህሩ ተማሪዎች እንዳይመርጡ ከልባቸው የሚፈልጉ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። ለየርዕሱ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተሰጠና ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ ማንኛውም ፈተና አውጪ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት ሊያዘጋጀው የሚገባውን፣ ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት ይለጥፉት። ያን እስኪያደርጉ ድረስ ተማሪው ስላይዱን እየመዘነ ማንበቡን ሊነቅፉ አይገባም።