የበሩን ፍሬም ያጣመመው ብረቱ አይደለም

«ፍሬሞቹ የተጣመሙት ብረቱ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ በያጁ ምን ያድርግ? የቀረውን በመዶሻ እናቃናዋለን።»

ይህን ያሉት አንድ የሥራ ተቋራጭ ተወካይ ናቸው፤ በሮቻቸው አልዘጋ ላሏቸው ነዋሪዎች የሰጡት መልስ ነው። ስብሰባውም መልሱን ተቀብሎ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

ከአንድ መኪና የወረደ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ ቱቦላሬ በአንዱ በር ቀጥ ብሎ ከቆመና በሌላው ከተጣመመ፣ ጥፋቱን በብረቱ ማላከክ ሰሚውን መናቅ ነው። ቀጭን ብረት ለሙቀት ቶሎ እጅ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ሙያተኛ የሚቀጠረውም ለዚሁ ነው።

ብየዳው የሚያርፍበት ብረት ይቀልጣል፤ በዙሪያው ያለው ደግሞ ግሎ መስፋት ይጀምራል። ቀዝቃዛው ክፍል ግን አላሰፋ ስለሚለው እዚያው ተጨምቆ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ከመጀመሪያ ልኩ አጥሮ ይሰበሰብና የቀረውን ወደ ተበየደበት ጎን ይጎትታል። ስፋቱ 90፣ ቁመቱ 210 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ላይ የላይኛው ማዕዘን በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዘጋ፣ የቋሚው ብረት ታችኛው ጫፍ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን በመዶሻ አቃናለሁ የሚል ሰው ቱቦላሬውን ከማጎድጎድና ማጠፊያውን ከመስመር ከማውጣት በቀር የሚያተርፈው የለም።

መፍትሔው ገና ከነጥብ ብየዳው ይጀምራል። ብረቶቹ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራሉ፤ እያንዳንዱ ማዕዘን መጀመሪያ በውጭ፣ ቀጥሎ በውስጥ በኩል በአንድ በአንድ ነጥብ ብቻ ይያዛል። ከታች ደፍ ስለሌለው ከላይኛው ስፋት ጋር እኩል የተቆረጠ ጊዜያዊ ብረት ከግርጌ፣ ሌላው በቁልፉ ከፍታ ላይ ይገባል። ከዚያ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች ይለካሉ፤ ለዚህ ፍሬም ሁለቱም 228.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለባቸው። ካልተስማሙ በዚህ ሰዓት ማረም ቀላል ነው፤ አንድ ነጥብ ተፈልቅቆ እንደገና ይያዛል። ሙሉው ብየዳም አንዱን ማዕዘን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ማለት አይደለም። የግራው አንድ ጎን ይበየዳል፣ ወደ ቀኙ ይታለፋል፣ ፍሬሙ ይገለበጣል፣ እንደገና ይቀጥላል። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ለሚበቃው ቱቦላሬ ለመቸኮል ሲባል ወፍራሙን አንስቶ አምፔሩን ከፍ ማድረግ ሙቀት ማባከን ነው።

ተወካዩ ያልነኩት፣ ምናልባትም ያልሰሙት ጉዳይ ግን የማጠፊያው ነው። ማዕዘኖቹ ፍጹም ልክ ሆነው እንኳን በሩ አልዘጋ ሊል ይችላል። ሦስቱም ማጠፊያዎች የሚበየዱት በአንድ ቋሚ ብረት፣ በአንድ ጎን ነው፤ ሦስቱም ወደዚያው ጎን ይጎትታሉ፣ ቋሚውም እንደ ደጋን ይጎብጣል። ለማረጋገጥ በማጠፊያው በኩል ከላይ እስከ ታች ሲባጎ ወጥሮ መሃሉን ማየት ይበቃል፤ በሲባጎውና በብረቱ መካከል ክፍተት ካለ ጎብጧል። ማጠፊያዎቹ በአንድ መስመር ላይ ስለማይሆኑ በሩ ይተናነቃል። ይህን የሚያውቅ በያጅ ሁለት ፍሬሞችን ጎን ለጎን አስተኝቶ ማጠፊያ የሚገባባቸውን ቋሚዎች ጀርባ ለጀርባ ያጋጥማል፤ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች በክላምፕ ያስራቸዋል። ከዚያ የአንዱን የላይ ማጠፊያ በአጭሩ ይበይዳል፣ የሌላውንም እንዲሁ፤ ቀጥሎ የታቹን፣ በመጨረሻ የመሃሉን። አንዱ ወዲህ ሲጎትት ሌላው ወዲያ ይይዘዋል። ፍሬሙ አንድ ብቻ ከሆነ ቋሚው ከወፍራም ብረት ጋር ይታሰራል። ክላምፕ ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም፤ ሲፈታ ብረቱ በጥቂቱ ይመለሳል፤ በትኩሱ ከተፈታ ደግሞ መታሰሩም ከንቱ ነው። ባዶ እጅ ሳይቃጠል የሚያርፍበት እስኪሆን መቆየት ያስፈልጋል። ውሃ የሚደፉበትም አሉ! ውሃ መሰብሰቡን አይከለክልም፤ ይልቁንም ብረቱ እኩል እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል።

«መጠበቅ ሥራ ያጓትታል» የሚለውን ሰበብም ለምጄዋለሁ። አራት ፍሬሞች በተርታ የተዘረጉለት ሰው ምን ይጠብቃል? የአራተኛውን ማዕዘን እስኪበይድ የመጀመሪያው ይቀዘቅዝለታል። ችኮላው የመጣው ክፍያው በፍሬም ብዛት ስለሆነና የቀናውም የጎበጠውም እኩል ስለሚከፈልበት ነው። ስለዚህ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ማብራሪያ መስማቱን ይተውና ቀሪዎቹ ፍሬሞች ግድግዳ ውስጥ ሳይገቡ ሜትርና ሲባጎ ይዞ ይሂድ፤ ሰያፎቹ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የተለያዩበትን፣ ወይም ቋሚው የጎበጠበትን ፍሬም በተቋራጩ ወጪ ይመልስ።