ጉርድ የሚዞረው ሲታጠብ ሳይሆን ሲቆረጥ ነው

«ያሰፋሁት ጉርድ ሁለቴ ከታጠበ በኋላ የግራ ጎኑ ስፌት ወደ ፊት እየመጣብኝ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጥፋቱ የጨርቁ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው?»

በአብዛኛው አይደለም። ግን ከመፍረድ በፊት ጨርቁን ራሱን መመርመር ይቻላል። ጉርዱን ገልብጠው መስኮት አጠገብ ይያዙት። ከፊተኛው ቁራጭ ወገብ መሀል ይነሱና ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን አንድ ክር በመርፌ ጫፍ እየተከተሉ እስከ ቅምቅማቱ ይውረዱ። ክሩ ታችም መሀሉ ላይ ካረፈ ያ ቁራጭ በትክክል ተቆርጧል። ወደ አንዱ ጎን ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ካፈነገጠ ግን ሲቆረጥ የመቁረጫ ልኩ ወረቀት፣ ፓተርኑ፣ ዘንበል ብሎ ነበር። የኋላውንም እንዲሁ ይዩት፤ ብዙ ጊዜ ፊቱ ቀጥ ብሎ ጥፋቱ የሚገኘው ኋላው ላይ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ያ የተከተሉት ክር ድር ነው። ሸማኔ አስቀድሞ የሚወጥረው እሱን ነው፤ ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ የሚገባው በኋላ ነው። ፋብሪካም ቢሆን ሥርዓቱ ያው ነው። ተወጥሮ የተሸመነው ድር ሲጎትቱት እምብዛም አይለጠጥም። ማጉ ትንሽ ይሰጣል። ጨርቁን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሲጎትቱት ግን ወዲያው ይለጠጣል። ማንኛውንም የጥጥ መሐረብ ይዞ በሦስቱም አቅጣጫ መጎተት ይህን ያሳያል። ጉርድ ከወገብ ተንጠልጥሎ የሚውል ልብስ ስለሆነ ክብደቱ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች ይጎትተዋል። ድሩ ቀጥ ብሎ ከወረደ ይህን ክብደት ይሸከማል። ካዘነበለ ግን ጨርቁ ክሮቹን ቀጥ አድርጎ ለማንጠልጠል ራሱ ይዞራል፤ የጎኑንም ስፌት ይዞት ይሄዳል።

ጥፋቱ እንዴት እንደሚፈጠር በአንድ ጉርድ ላሳይ። ታቹ ሰፋ ያለ፣ ፊቱም ኋላውም አንድ አንድ ቁራጭ የሆነ ጉርድ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከነስፌት ትርፉ ወገቡ ላይ 38፣ ታቹ ላይ 58፣ ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ነው። ደንበኛዋ ያመጣችው 80 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ነው፤ ስፋቱ 115። ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታቻቸው 116 ይፈልጋል። አይበቃም። ቆራጩ ፊቱን በሥርዓቱ ያስቀምጥና የተረፈው ቦታ ላይ ኋላውን ትንሽ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ያስገባዋል። ኋላው ሁሌም የሚጎዳው በዚህ ነው፤ መጨረሻ የሚቀመጠው እሱ ነዋ። ጠረጴዛው ላይ ምንም አይታይም። ቁራጩም ተነሥቶ ሲታይ ቅርጹ ፍጹም ነው።

አሁን ማዘንበሉ በ60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ወደ 4 ዲግሪ መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የዚህ ጉርድ ጎኖች ሲሠሩም ከድሩ ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ያዘነበሉ ናቸው፤ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ እኩል ይለጠጣሉ፣ ስለዚህም ጉርዱ አይዞርም። ቁራጩ 4 ዲግሪ ሲጋደል አንዱ ጎን 5፣ ሌላው 13 ይሆናል። 13 የሆነው ወደ ሰያፍ ስለተጠጋ ይረዝማል፣ 5ቱ ባለበት ይቆማል። መጀመሪያ በአንድ ጎን ቅምቅማቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ስፌቱ ይዞራል። አዲሱ ጨርቅ ፋብሪካ በቀባው ማጠንከሪያ ደርቆ፣ በካውያም ተስተካክሎ ስለሚወጣ ችግሩን የሚያወጣው ውኃ ነው። «ታጥቦ ተበላሸ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነኝ ያንኑ ጉርድ ከዚያው 80 ሴንቲ ሜትር ማውጣት ይቻል ስለነበር ነው። ኋላውን ከማዘንበል ይልቅ እግሩን ወደ ላይ መገልበጥ በቂ ነበር። ጠባቡ ወገብ ከሰፊው ታች አጠገብ ሲያርፍ ሁለቱ ቁራጮች ወደ 110 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይገባሉ፤ ድሩም ቀጥ እንዳለ ይቆያል፣ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ። ይህ የማይሆነው እንደ ከፋይ ጸጉር ላለው ጨርቅ ነው፤ ሲገለበጥ ጥላው ስለሚለያይ ፊቱና ኋላው ሁለት ቀለም ይመስላሉ። አበባው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ለታተመ ጨርቅም አይሆንም። ለእነዚህ ጨርቅ መጨመር ብቻ ነው መፍትሔው፤ ለደንበኛ ከመቁረጥ በፊት መንገር እንጂ በዝምታ ማብቃቃት ትክክል አይደለም።

አቀማመጡን መለካት ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፓተርኑ ላይ የድሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ረጅም ቀስት አለ፤ ከሌለ በቁራጩ መሀል ከወገብ እስከ ታች በማስመሪያ ይሰመራል። የጨርቁ ዳር፣ ያ ጠበቅ ብሎ የተሸመነው፣ ከድሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከቀስቱ አናት እስከ ዳሩ በሜትር ይለካል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ከዚያ ከቀስቱ እግር እስከ ዳሩ ይለካል። 30 ካልሆነ አናቱ በስፒል ተይዞ እግሩ 30 እስኪሆን ይንቀሳቀሳል። ሥራ የሚማሩ ልጆች አናቱን ብቻ ለክተው ሲቆርጡ አያለሁ። አንዱን ጫፍ መለካት ስለ አቅጣጫው ምንም አይናገርም።

የሸማ ሥራ ላይ ይህ ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ጥበቡ በማጉ አቅጣጫ ስለሚሸመን ሰፊዋ ቁራጩን ብታጋድለው ጥበቡ ራሱ ተንሻፎ ይታያል። ገበርዲን ላይ የሚነግረን ጥበብ የለም፤ ሜትር ብቻ አለ።

በሰያፍ መቁረጥ ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳዊቷ ማድለን ቪዮኔ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታወቀችበት አቆራረጥ በ45 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጨርቁ ግራና ቀኝ እኩል እንዲለጠጥ ታስቦ የሚደረግ ነው። እንዲህ ያለ ጉርድ ተሰፍቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተሰቅሎ ካደረ በኋላ ነው ታቹ የሚስተካከለው። 4 ዲግሪ ግን እንዲህ የታሰበ ነገር አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ እውነቷን የምትሆንበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጉ ራሱ ተንሻፎ፣ ከድሩ ጋር ትክክለኛ ማዕዘን ሳይሠራ ይመጣል። ያን ለማወቅ ከጨርቁ ጫፍ አንድ የማግ ክር ከዳር እስከ ዳር ይመዘዛል፣ በመስመሩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ጨርቁ ዳር ለዳር ይታጠፋል። ጫፎቹ ካልገጠሙ ተንሻፏል። ጥጥ ከሆነ ነክሮ በተቃራኒው ሰያፍ እየጎተቱ ማቅናት ይቻላል፤ ነክሮ ማድረቁ መኮማተሩንም አስቀድሞ ይጨርሰዋል። ፖሊስተር ግን ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ስለሚጸና አይቃናም፤ ጉርድ ከመስፋት ሌላ ጨርቅ መምረጥ ይሻላል።

አንዴ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ቁራጭ ግን አይመለስም። ታቹን አስተካክሎ መቁረጥ ቅምቅማቱን ያቀናል እንጂ ስፌቱን አያቀናም፤ በሚቀጥለው እጥበትም ሊዞር ይችላል። ቁራጩ ተፈትቶ በድሩ ልክ እንደገና ከተቆረጠ አነስ ያለ ጉርድ፣ ምናልባት ለልጅ የሚሆን ይወጣዋል።

ስለዚህ ያ የመርፌ ጫፍ የተከተለው ክር ካፈነገጠ የጨርቁን ዋጋ መተካት ያለባት ልብስ ሰፊዋ ናት ብዬ አምናለሁ። ክሩ ቀጥ ብሎ ማጉ ብቻ ከተንሻፈፈ ደግሞ ጨርቁን ደንበኛዋ መርጣ ስላመጣችው፣ ሰፊዋም ሳታጥፍ ሳትመረምር መቀስ ስላነሣችበት፣ ኪሳራውን እኩል ይካፈሉት።